የትኞቹን ነጥቦች ላገናኝ? ትሬንድላይን ተሰበረ የሚባለውስ መቼ ነው?

ጥያቄ፦ «ዩሮ/ዶላርን በ1 ሰዓት ቻርት ነው የምሠራው። ነጥብ በቀያየርኩ ቁጥር የተለየ ትሬንድላይን ይወጣልኛል፤ የቱ ትክክል እንደሆነ አላውቅም። ካንድል ከመስመሩ ውጭ ሲዘጋ ተሰበረ ብዬ እገባለሁ፤ ወዲያው ተመልሶ ስቶፔን ይመታና በድሮው አቅጣጫ ይቀጥላል። ቻናል ስስልም ታችኛው መስመር ከላይኛው ጋር እኩል አይሄድልኝም። የትኞቹን ነጥቦች ነው ማገናኘት ያለብኝ? መስመር በእርግጥ ተሰበረ የሚባለውስ መቼ ነው?»

ምላሽ፦ ሁለተኛው ችግርዎ በአብዛኛው ከመጀመሪያው የሚመጣ ነው። ከማይሆኑ ነጥቦች የተሳለ መስመር ታልፎ ሲሄድ የተሰበረ ነገር የለም፤ ገበያው መጀመሪያውኑ ያላወቀውን መስመር አልፎ ሄደ ማለት ብቻ ነው። ስለዚህ ሰፊውን ቦታ ለነጥብ አመራረጡ እሰጣለሁ። ምሳሌውን የወሰድኩት ከዩሮ/ዶላር የወር ቻርት ነው። በዚያ ቻርት ላይ ካንድሎቹ ጥቂት ስለሆኑ እያንዳንዱን ቁጥር በራስዎ ስክሪን ላይ ማመሳከር ይችላሉ፤ ሕጉ ወደ ቀንና ወደ ሰዓት ቻርት ሲወርድ አይለወጥም። ዋጋዎቹ ከብሮከር ብሮከር በጥቂት ፒፕ ይለያያሉ።

መጀመሪያ ስዊንግ የምንለውን ነገር በቁጥር እንወስን። አንድ ካንድል ስዊንግ ሃይ የሚሆነው የእሱ ጫፍ በግራው ካሉት ሦስት ካንድሎችና በቀኙ ካሉት ሦስት ካንድሎች ጫፍ ሁሉ ሲበልጥ ነው። ስዊንግ ሎው የዚሁ ግልባጭ ነው። ሦስት የሚለው ቁጥር የተቀደሰ አይደለም፤ አምስት ቢያደርጉት ነጥቦቹ ያንሳሉ፣ ሁለት ቢያደርጉት ይበዛሉ። ዋናው አንዱን መርጦ ዛሬ አንድ ነገ ሌላ አለማድረግ ነው። ከዚህ የሚከተለውን ዋጋ ግን ይቀበሉ፦ ነጥቡን የሚያውቁት ሦስት ካንድል ዘግይተው ነው። ZigZag የተባለው ኢንዲኬተርም ይህን መዘግየት አያስቀርም። የመጨረሻውን እግሩን ዋጋው በተንቀሳቀሰ ቁጥር እያነሳ ስለሚስለው፣ ያለፈውን ሲያዩት ቀድሞ የነገረዎት ይመስላል እንጂ በሰዓቱ አልነገረዎትም።

ስዊንግ ሁሉ ግን መስመር ማሰሪያ አይሆንም። ጥያቄዎ ላይ ጠፍቶ ያየሁት ማጣሪያ ይሄ ነው። ለሚወርድ መስመር የመጀመሪያው ነጥብ የጉዞው ከፍተኛ ጫፍ ነው። ሁለተኛው ነጥብ ደግሞ ከእሱ ዝቅ ያለ ጫፍ ይሆናል፤ ነገር ግን ማሰሪያ የሚሆነው ዋጋው ከዚያ ጫፍ ተነስቶ በሁለቱ መካከል ከነበረው ዝቅተኛ ዋጋ በታች አዲስ ዝቅታ ከሠራ በኋላ ብቻ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። በዚያ ጫፍ ላይ የነበሩት ሻጮች ገበያውን ወደ አዲስ መሬት ካላወረዱት፣ ትሬንዱን የሚመሩት እነሱ መሆናቸው ገና አልታየም። ለሚወጣ መስመር ገልብጡት፤ ሁለተኛው ዝቅታ የሚጸድቀው ዋጋው ከእሱ ተነስቶ በመካከል የነበረውን ከፍታ ሲያልፍ ነው። የመጨረሻው ማጣሪያ ደግሞ በሁለቱ ማሰሪያዎች መካከል መስመሩ የትኛውንም ካንድል እንዳይቆርጥ ነው። ከቆረጠ ነጥቦቹ ትክክል ቢሆኑም መስመሩ አይሆንም፤ የቆረጠው ጫፍ ራሱ አዲስ እጩ ነው።

አሁን ወደ ቻርቱ። ዩሮ በሐምሌ ወር፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 2008፣ 1.6038 ደረሰ። ይህ የመጀመሪያው ማሰሪያ ነው፤ ክርክር የለውም። ከዚያ ወዲህ ካሉት ጫፎች ሁለቱን እንውሰድ፦ በሜይ 2011 ጫፉ 1.4940፣ በሜይ 2014 ጫፉ 1.3993 ነበር። በመካከል የነበረው ዝቅተኛ ዋጋ የጁን 2010ሩ 1.1876 ነው። አብዛኛው ሰው የ2008ንና የ2011ን ጫፍ አገናኝቶ መስመሩን አስረዘመው፤ ሁለቱ ጫፎች ለዓይን ጎልተው ስለሚታዩ። በማጣሪያችን ግን የ2011 ጫፍ አላለፈም፦ ዋጋው ከእሱ ተነስቶ በጁላይ 2012 እስከ 1.2040 አካባቢ ብቻ ወረደ፣ ከ1.1876 በታች አልሄደም። የ2014 ጫፍ ግን አለፈ። የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ሰፊ የቦንድ ግዢውን ባወጀበት በጃንዋሪ 2015 ዩሮ ከ1.1876 በታች ወርዶ 1.11 አካባቢ ደረሰ። ትክክለኛው መስመር ከ2008 ወደ 2014 የሚሄደው ነው፤ ሊሳል የሚችለውም ከጃንዋሪ 2015 ጀምሮ እንጂ ከዚያ በፊት አይደለም።

ልዩነቱን በቁጥር ለማየት መስመሩ በአንድ ቀን ላይ ያለውን ዋጋ ማስላት ያስፈልጋል። በዓይን መገመት ይቅር። ስሌቱ ይህ ነው፦

```
slope = (P2 - P1) / N
line  = P2 + slope * n
```

P1 እና P2 የሁለቱ ማሰሪያዎች ዋጋ ናቸው። N በመካከላቸው የሚቆጠሩት ካንድሎች፣ n ደግሞ ከሁለተኛው ማሰሪያ ወዲህ የተቆጠሩት ናቸው። የሚቆጠረው ካንድል እንጂ የቀን መቁጠሪያው ቀን አይደለም፤ በቀን ቻርት ላይ ቅዳሜና እሑድን ከቆጠሩ መስመርዎ ስክሪኑ ላይ ካለው ጋር አይገጥምም።

በተሳሳተው መስመር፣ ማለትም በ2008 እና 2011 ጫፎች፣ መካከሉ 34 ወር፣ ቁልቁለቱ በወር 32 ፒፕ ያህል ነው። በኤፕሪል 2014 መስመሩ 1.3810 አካባቢ ላይ ነበር። ያ ወር በግምት 1.3867 ላይ ዘጋ፤ ከመስመሩ በላይ፣ በ57 ፒፕ። በሚቀጥለው ወር እስከ 1.3993 ወጣ። «የስድስት ዓመት መስመር ተሰበረ» ብሎ የገዛ ሰው የገዛው ከታላቁ ውድቀት ደፍ ላይ ነው፤ በማርች 2015 ዩሮ 1.0460 አካባቢ ነበር። እርስዎ በ1 ሰዓት ቻርት ላይ በተደጋጋሚ የሚገጥምዎ ነገር ይኸው ነው። መስመሩ ያልጸደቀ ጫፍ ላይ የታሰረ ነበር፣ የተሰበረበትም ርቀት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

በትክክለኛው መስመር መካከሉ 70 ወር፣ ቁልቁለቱ በወር 29 ፒፕ ነው። በሜይ 2011 ላይ መስመሩ 1.5045 ላይ ያልፋል፤ የዚያ ወር ጫፍ 1.4940 ስለሆነ አይቆርጠውም። ከተሳለ በኋላ የመጀመሪያው ፈተናው ፌብሩዋሪ 2018 ነው። መስመሩ 1.2678 ላይ ሳለ ዩሮ 1.2555 ደርሶ ተመለሰ። 123 ፒፕ ቀረው። «አልነካውም፣ ስለዚህ መስመሩ አይሠራም» የሚል ሰው ይኖራል፤ በወር ቻርት ላይ ግን አንድ ካንድል ብቻውን 300 ፒፕ ሲራመድ 123 ፒፕ መንካት ነው። መስመር ሲባል የክር ያህል ቀጭን ነገር አያስቡ። በግራና በቀኙ የአማካይ ካንድል ግማሽ ያህል ስፋት አለው።

ቻናሉ ላይ ያለብዎ ችግር የመጣው ሁለቱን መስመሮች ለየብቻ ስለሚስሉ ነው። ቻናል ሁለተኛ የምርጫ ዕድል አይሰጥም። መሠረቱ አንዴ ከጸደቀ ተጓዳኙ መስመር ያንኑ ቁልቁለት ይዞ ይሄዳል፤ የሚወሰነው ርቀቱ ብቻ ነው። በMetaTrader ላይ Equidistant Channel የሚለው መሣሪያ ይህን ራሱ ይሠራል። ሁለቱን ነጥብ ማሰሪያዎቹ ላይ ያድርጉ፣ ሦስተኛውን በሁለቱ ማሰሪያዎች መካከል ካለው፣ ከመሠረቱ በጣም ከራቀው ስዊንግ ላይ ያሳርፉ። ታችኛው ነጥቦችዎ ከዚያ ቁልቁለት ጋር ካልሄዱ ያ ገበያ ቻናል ውስጥ አይደለም። ሽብልቅ ወይም ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። እኩል እንዲሄድልዎ መስመሩን አያጣሙ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳቱት አንድ ነገር አለ። በጣም የራቀው ነጥብ ማለት በዋጋ በጣም የወረደው ማለት አይደለም። በምሳሌያችን ዓይን ቶሎ የሚመርጠው የጁን 2010ሩን 1.1876 ነው፤ ከሁሉም ዝቅተኛ ስለሆነ። መሠረቱ ግን ያን ጊዜ 1.5366 ላይ ነበር፤ ርቀቱ 3490 ፒፕ ነው። በኦክቶበር 2008፣ በፋይናንስ ቀውሱ መሀል፣ ዩሮ 1.2330 አካባቢ ሲወርድ መሠረቱ 1.5950 ላይ ነበር፤ ርቀቱ 3620 ፒፕ። መለካት ያለበት ከመሠረቱ ወደ ታች በቀጥታ ስለሆነ ማሰሪያው የ2008ቱ ነው። የሚያዘነብል ቻናል ላይ ቀደም ያለው ዝቅታ በዋጋ ከፍ ብሎም ሊርቅ ይችላል።

ይህ ርቀት ከተያዘ በኋላ ታችኛው መስመር የሚናገረው ነገር አለ። በ2010 ዝቅታው ከታችኛው መስመር 130 ፒፕ ያህል ብቻ ቀርቶት ታጠፈ። በማርች 2015 መስመሩ 1.0080 ላይ ሳለ ዋጋው 1.0460 አካባቢ ታጠፈ፤ 380 ፒፕ ቀረው። በጃንዋሪ 2017 መስመሩ 0.9438 ላይ ነበር፣ ዋጋው 1.0340 ላይ ታጠፈ፤ 900 ፒፕ ቀረው። ያ የቻናሉ ስፋት ሩብ ነው። ሻጮቹ ወደ ታችኛው ግድግዳ መድረስ እያቃታቸው መሄዱ በሦስት ቁጥር ይታያል። ከ2017ቱ ዝቅታ በኋላ ዩሮ ከ2200 ፒፕ በላይ ወጥቶ ነው የላይኛውን መስመር የፈተነው። የቻናል ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል፦ ዋጋ ወደ ሩቁ መስመር መድረስ ሲያቅተው ቀሪው ጫና ወደ መሠረቱ እንደሚዞር አስቀድሞ ይጠቁማል። ማስጠንቀቂያ ነው እንጂ የመግቢያ ምልክት አይደለም፤ በእሱ ብቻ ትሬድ አይክፈቱ። ሩብ ስፋት ያህል ሲጎድል ግን በድሮው አቅጣጫ ያለዎትን ትርፍ ቀስ በቀስ መሰብሰብ ተገቢ ነው።

ወደ መሰበሩ እንምጣ። ዊክ መስበር አይደለም፤ ይህን ያውቃሉ። እርስዎ የያዙት የመዝጊያ ዋጋ መለኪያ ከዊክ ይሻላል፤ ብቻውን ግን እንደማይበቃ የኤፕሪል 2014 ካንድል አሳይቷል። ስለዚህ ርቀት ይጨመርበታል። የምጠቀመው የኤቲአር ግማሽ ነው፣ በ14 ካንድል የተሰላ፣ መስመሩ በተሳለበት ታይምፍሬም ላይ። ኤቲአር ገበያው በአንድ ካንድል በአማካይ ምን ያህል እንደሚራመድ ይነግርዎታል፤ ከዚያ ግማሽ በታች የሆነ መሻገር ከተራው ግርግር አይለይም። በኤፕሪል 2014 የወሩ ኤቲአር ከ300 ፒፕ በላይ ስለነበር 57 ፒፕ ወደ መለኪያው አይቀርብም።

በ2020 ደግሞ ይህ መለኪያ ራሱ ምን እንደሚያመልጠው እንይ። ያኔ የወር ኤቲአሩ ወደ 350 ፒፕ ስለነበር ግማሹ 175 ያህል ነው። ኦገስት 2020 በ1.1936 አካባቢ ዘጋ፤ መስመሩ 1.1802 ላይ ነበር። 134 ፒፕ፣ አልበቃም። እውነትም በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ከመስመሩ በታች ተመልሶ ዘጋ። ኖቬምበር በ1.1927 አካባቢ ዘጋ፤ መስመሩ 1.1714። አሁን 213 ፒፕ ሆነ፤ አለፈ። ሁለቱን መዝጊያዎች ግን አስተያዩ፦ የኖቬምበሩ ከኦገስቱ በ9 ፒፕ ያንሳል። ገዢ አንድ እርምጃ ወደ ላይ አልገፋም። መስመሩ በሦስት ወር 88 ፒፕ ወደ ታች ስለወረደ ብቻ ርቀቱ ሰፋ። የሚያዘነብል መስመር እንዲህ በጊዜ ማለፍ ብቻ ይሰበራል፤ ቁልቁለቱ በበረታ መጠንም ይህ ይብሳል። በ1 ሰዓት ቻርት ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር በአንድ የእስያ ሌሊት ጸጥታ ውስጥ «ተሰብሮ» የሚያድረው በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህ የሚሆነው መድኃኒት የማያዘነብል ዋጋ መጨመር ነው። መስመሩ በመዝጊያና በርቀት ከተሻገረ በኋላ፣ ዋጋው መስመሩን ከፈተነው የመጨረሻ ስዊንግ ባሻገር መዝጋት አለበት። ለሚወርድ መስመር ያ ስዊንግ መስመሩን ለመጨረሻ ጊዜ የፈተነው ጫፍ ነው፣ እዚህ የፌብሩዋሪ 2018ቱ 1.2555። ዲሴምበር 2020 በ1.2216 ዘጋ፣ ከመስመሩ 530 ፒፕ በላይ። ማንም ቢሆን ተሰበረ ይላል፤ መስመሩ በእርግጥ ተሰብሯል። በጃንዋሪ 2021 ግን ጫፉ 1.2349 ሆኖ ቀረ። 1.2555 አልተነካም።

የሁለቱ ልዩነት ሊያድንዎ የሚችል ስለሆነ ልብ ይበሉት። መስመር ተሰበረ ማለት የድሮው የመውረጃ ፍጥነት አበቃ ማለት ነው። ትሬንዱ ተገለበጠ ማለት ግን አይደለም፤ ገበያው ወደ ጎን ሊሄድ፣ ዘገም ባለ ቁልቁለት መውረዱን ሊቀጥልም ይችላል። ትሬንድ ተገለበጠ የሚባለው ያ አግድም ዋጋ ሲታለፍ ነው። ዩሮ በማርች 2021 ወደ መስመሩ አቅጣጫ ተመልሶ 1.1704 ላይ ታጠፈ፣ መስመሩ 1.1597 ላይ ሳለ። የመማሪያ ቪዲዮዎች የሚያሳዩት ዓይነት ያማረ ሪቴስት ነበር። ከዚያ በሜይ 1.2266 ደረሰ፤ ከጃንዋሪው ጫፍ ግን አነሰ። በኦገስት 2021 ከ1.1704 በታች ሲወርድ የገዢዎቹ ነገር አከተመ። ያን ጊዜ ዋጋው ገና ከትሬንድላይኑ በላይ ነበር፤ መስመሩን የጠበቀ ሰው እስከ ኖቬምበር ድረስ መውጫ ምልክት አላገኘም። በሴፕቴምበር 2022 ዩሮ 0.9536 ገባ።

ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ነገር ስቶፕ የት እንደሚቀመጥ ነው። መሰበሩን ተከትለው ከገቡ ስቶፕዎ ሪቴስቱ ከሠራው ስዊንግ ባሻገር ይሁን፣ መስመሩ ጀርባ አይደበቅ። መስመሩ በየካንድሉ ቦታ ይቀይራል፤ ስዊንጉ ግን ያለበት ነው። ሪቴስት ካልመጣስ? ብዙ ጊዜ አይመጣም። ያን ጊዜ ትሬዱን ይተዉት ወይም አግድሙ ዋጋ ሲታለፍ በግማሽ መጠን ይግቡ። ሦስቱንም መለኪያ መጠበቅ የመጀመሪያውን ጉዞ ያስመልጥዎታል፤ ይህ የማይቀር ወጪ ነው። በምላሹ ግን እንደ 2014ቱና እንደ 2020ው ካሉ ወጥመዶች ያወጣዎታል።

ስኬል ላይ አንድ ማሳሰቢያ። ዩሮ/ዶላር በእነዚህ ዓመታት ከላይ እስከ ታች ከእጥፍ በታች ስለተንቀሳቀሰ ተራው ስኬል ይበቃል። ወርቅን ከዲሴምበር 2015ቱ 1046 ዶላር ተነስተው እስከ ኦገስት 2020ው ከ2000 ዶላር በላይ ድረስ በአንድ መስመር ለመያዝ ከፈለጉ ግን Log ስኬል ይጠቀሙ። የ100 ዶላር እርምጃ ከታች ወደ አሥር በመቶ ይጠጋል፣ ከላይ አምስት በመቶ ብቻ ነው፤ በተራው ስኬል ላይ አንድ ዓይነት ስፋት ሆኖ የሚታየው ቻናል ከታችና ከላይ የተለያየ ነገር ይለካል። ቢትኮይን ላይ ደግሞ ያለዚህ ስኬል የረጅም ጊዜ መስመር አይሳል። አንዱ ስኬል ላይ የተሰበረ መስመር ሌላው ላይ ላይሰበር ስለሚችል ከመሳልዎ በፊት ይወስኑ፤ ትሬድ ውስጥ ሆነው አይቀያይሩ።

አሁን ወደ እርስዎ ቻርት። የ1 ሰዓት ቻርት ላይ ማሰሪያ መምረጥ ያቁሙ። መስመሩን በቀን ቻርት ላይ ይሳሉ፣ በሦስት ካንድል ስዊንግ፣ በዊክ ጫፎች፣ ከላይ ባለው ማጽደቂያ። የ1 ሰዓቱ ቻርት መግቢያ ለመፈለግ ብቻ ያገልግልዎ። ተሰበረ አልተሰበረም የሚወሰነውም በቀኑ ካንድል መዝጊያ ነው። አንዱ የ1 ሰዓት ካንድል ከቀን መስመር ውጭ ስለዘጋ የሚያወራው ነገር የለም። የቀኑ ኤቲአር ለምሳሌ 70 ፒፕ ከሆነ የሚጠብቁት የቀን መዝጊያ ከመስመሩ 35 ፒፕ የራቀ ነው፤ ከዚያ በኋላ መስመሩን ከፈተነው የመጨረሻ ስዊንግ ባሻገር መዝጋቱን ይጠብቃሉ።

የመዝጊያው ሰዓት ራሱ ይጣራ። የገንዘብ ገበያ ቀን የሚያበቃው በኒውዮርክ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ በእኛ ሰዓት እንደ ወቅቱ ከሌሊቱ 6 ወይም 7። ብሮከርዎ ሰርቨሩን በዚህ ካላስተካከለ የእሑድ ምሽት ትንሽ ካንድል ለብቻዋ ትታያለች፣ ሳምንቱም ስድስት ካንድል ይሆናል። ያ ስዊንጉንም ኤቲአሩንም መዝጊያውንም ያበላሻል። ሳምንቱ አምስት ካንድል የሚያሳይ ቻርት ይጠቀሙ። በዚያው ሰዓት አካባቢ ስፕሬድ ስለሚሰፋና የMetaTrader ቻርት የሚስለው የመሸጫውን Bid ዋጋ ስለሆነ፣ የማይታመኑ ወደ ታች የተንጠለጠሉ ዊኮች ይወጣሉ። በሌላ ብሮከር ቻርት ላይ የሌለ ዊክ ማሰሪያ አይሆንም።

መስመር ማስተካከል የሚፈቀደው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፦ አዲስ ስዊንግ በማጽደቂያው ሲያልፍ። ያን ጊዜ ከመጀመሪያው ማሰሪያ ወደ አዲሱ ሌላ መስመር ይሳሉ፣ አሮጌውንም በሌላ ቀለም ይተዉት እንጂ አያጥፉት። ክፍት ትሬድ እያለዎት መስመሩን በመዳፊት ሲገፉት ራስዎን ካገኙት ግን ትንተናው ቀርቷል፤ ትሬዱን ዝጉት። ይህን ለመቆጣጠር የሁለቱን ማሰሪያዎች ቀንና ዋጋ፣ የዕለቱን የመስመር ዋጋ፣ ግማሹን ኤቲአርና የሚታለፈውን አግድም ስዊንግ በወረቀት ላይ ጻፉ። አምስቱን መጻፍ ካልቻሉ በዚያ መስመር ላይ አይነግዱ።